ስክሪኑ ነጭ ሲሆን ገንዘቡ የት ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ያለ ስለሆነ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ጉዳዩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል። የስልክ አፕ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሲሄድ የሚዘልለው፣ የሚነጣው፣ የሚንቀጠቀጠው ነገር ነው። ብዙዎቻችን «መልክ ነው፣ ውበት ነው» ብለን እናልፈዋለን። እኔም አፕ ሠርቼ የምበላ ሰው ሆኜ ለዓመታት እንደዚያው አስብ ነበር። ሐሳቤን የቀየሩት አዳሚ ቱሉ ላይ ሽንኩርት የሸጡልኝ አንዲት አዴ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐዋሳ ወደ አዳማ ስመለስ የእህቴ ሰርግ ደርሶ ስለነበር ሽንኩርት ከምንጩ ልግዛ ብዬ አዳሚ ቱሉ ላይ ወረድኩ። ባቱን ሳታልፉ፣ መንገድ ዳር፣ ማዳበሪያው ተደርድሮ የሚታይበት ቦታ ታውቁታላችሁ። ሁለት ኩንታል ቀይ ሽንኩርት በ9,000 ብር ተስማማን። ጥሬ ብር አልያዝኩም። አዴም «በስልክ ላክልኝ» አሉኝ። የእሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፤ ኤስኤምኤስ ሲገባ «ጢጥ» ትላለች፣ ልጃቸው ያነብላቸዋል። ሥርዓታቸው ይኼው ነው፤ መልእክቱ ሳይነበብ ማዳበሪያው ከቦታው አይነቃነቅም።

አፑን ከፈትኩ። (የማንኛው ድርጅት አፕ እንደሆነ አልጠራም። የምናገረው ችግር በአንዱ ብቻ ያለ አይደለም፤ እኔ ራሴ በሠራኋቸውም ውስጥ ነበረ።) ስልክ ቁጥራቸውን ጻፍኩ፣ ስማቸው መጣ፣ 9,000 አልኩ፣ የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ፣ «ላክ» የሚለውን ነካሁ።

ምንም አልሆነም። ቁልፉ ቀለሙን እንኳ አልቀየረም። ከዚያ በድንገት ገጹ በሙሉ ነጭ ሆነ። መሐል ላይ አንዲት ክብ ብቅ ብላ ዞር ሳትል ጠፋች። ወዲያው ራሴን ዋናው ገጽ ላይ አገኘሁት፤ ቀሪ ሂሳቤ እንደነበረ ነው፣ 9,000 አልተቀነሰም። «አዴ፣ ገባ?» አልኩ። «ምንም የለም ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ አፑ «ስህተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለኝ። እንደገና ይሞክሩ ከተባልኩ ሞከርኩ። ያው ነጭ፣ ያው ክብ፣ ያው ዋና ገጽ።

ሁለት ደቂቃ ያህል ቆመን ተያየን። ከዚያ የአዴ ስልክ «ጢጥ» አለች፤ ወዲያው ደግሞ «ጢጥ»። ልጃቸው አነበበና ሳቀ። ሁለት ጊዜ ዘጠኝ ሺህ።

አዴ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ሱቅ ወዳለው ወኪል ይዘውኝ ሄዱ። ወኪሉ በእጁ ያን ያህል ብር አልነበረውምና ከጎረቤት እስኪያሟላ ጠበቅን። አርባ ደቂቃ ገደማ ፈጀብን። የማውጫው ክፍያ የተቆረጠው ከእሳቸው ሂሳብ ነው። «እኔ ልክፈል» ብላቸው «ሂድ፣ ሙሽራዋ ትጠብቅሃለች» ብለው ገፉኝ። ስንመለስ ግን እየሄድን አንድ ነገር ነገሩኝ። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ቲማቲም ገዝቶ ስልኩን ዘርግቶ አረንጓዴ ምልክት አሳያቸው። አዩ፣ አመኑ፣ አስጫኑ። ገንዘቡ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልመጣም። «ከዚያ ወዲህ ስክሪን አላይም» አሉኝ። «ጢጥ ካላለ አልሰጥም።»

እኔ ከፍዬ አልከፈልክም ተባልኩ። ያ ሰውዬ ደግሞ ሳይከፍል (ወይም ከፍያለሁ ብሎ አምኖ) ከፍለሃል ተባለ። ሁለታችንንም ያሳሳተው ስክሪን ነው።

—

አዳማ ቤቴ ስገባ ነገሩ አልለቀቀኝም። የባለቤቴን ስልክ ተቀባይ አድርጌ፣ 10 ብር እየላክሁ፣ የስልኬን ስክሪን በቪዲዮ ቀረጽኩት። ቀረጻው በሰከንድ 30 ምስል ይይዛል፤ ስለዚህ አንዱ ምስል ወደ 33 ሚሊ ሰከንድ ነው። ምስሎቹን አንድ በአንድ እያሳለፍኩ ቆጠርኩ። ማንኛችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ የተለየ መሣሪያ አይጠይቅም።

መጀመሪያ በቤት ዋይፋይ። ጣቴ ከቁልፉ ሲነሳ ዜሮ እንበለው። እስከ 0.6 ሰከንድ ድረስ በስክሪኑ ላይ የተለወጠ አንድም ነገር የለም። በ0.6 ገጹ ነጭ ሆነ። በ0.9 ክቧ መጣች። በ1.1 ክቧ ሄደች፤ የታየችው ለ0.2 ሰከንድ ብቻ ነው። እዚያው 1.1 ላይ ዋናው ገጽ ከአሮጌው ቀሪ ሂሳብ ጋር መጣ። በ1.8 ከላይ የማስታወቂያ ምስል ደርሶ ከሥሩ ያለውን ሁሉ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ገፋው። በ2.4 አረንጓዴው ደረሰኝ ከየት መጣ ሳይባል ስክሪኑን ሞላው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው በ2.4 ሰከንድ ነው። ፈጣን ነው! ግን ዓይን በዚያች አጭር ጊዜ አምስት የተለያዩ ቦታዎች ተወስዷል፤ በመሐል ደግሞ አንዱ ቦታ (ዋናው ገጽ ከአሮጌው ሂሳብ ጋር) «ምንም አልተከፈለም» የሚል ውሸት ተናግሯል። በዋይፋይ ውሸቱ አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ ስለማይቆይ ማንም አያየውም። ሠሪዎቹም አላዩትም ብዬ እገምታለሁ፣ ቢሯቸው ፈጣን ኢንተርኔት አለውና።

ቀጥሎ ስልኬን በ2ጂ ብቻ እንዲሠራ አደረግሁት። አዳሚ ቱሉ ላይ የገጠመኝ ዓይነት ሁኔታ መፍጠሬ ነው። ነጩ መጣ፣ ክቧ መጣች ሄደች፣ ዋናው ገጽ መጣ። እዚያው ላይ ቆመ። በ30ኛው ሰከንድ «ስህተት ተፈጥሯል፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለ። በ34ኛው ሰከንድ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ፦ 10 ብር ደርሷል።

ያ ውሸት አሁን ሃያ ዘጠኝ ሰከንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሌላ ውሸት ተከተለው።

—

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእኔ እምነት የክፍያ አፕ ትልቁ ጥፋት ሦስት መልስ ላለው ጥያቄ ሁለት ገጽ ብቻ ማዘጋጀቱ ነው።

ክፍያ ስትልኩ ውጤቱ ሦስት ሊሆን ይችላል። ተሳክቷል። አልተሳካም። አልታወቀም። ሦስተኛው እንዴት ይመጣል? ጥያቄያችሁ ከስልክ ተነስቶ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። ሰርቨሩ ገንዘቡን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ «ጨርሻለሁ» የሚለው መልስ ወደ ስልካችሁ ሲመለስ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ወይም ይዘገያል። ስልኩ 30 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል። በዚያች ቅጽበት ስልኩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መልስ አልሰማሁም። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም የሚለውን አያውቅም። ሠሪው ግን ያዘጋጀለት አረንጓዴ ገጽና ቀይ ገጽ ብቻ ስለሆነ ቀዩን ያወጣዋል። «አልሰማሁም» የነበረው «አልተሳካም» ሆኖ ይነበባል። «እንደገና ይሞክሩ» ሲጨመርበት ደግሞ ሁለት ጊዜ ክፈሉ የሚል ትእዛዝ ይሆናል።

ደብዳቤ በሰው የላከ አባት መልእክተኛው ስላልተመለሰ ብቻ «ደብዳቤው አልደረሰም» አይልም። «ገና አልሰማሁም» ይላል፣ ያጣራል። አፑ ይህንን ያህል ጨዋነት እንኳ የለውም።

ስለዚህ ሦስተኛው ገጽ ያስፈልጋል። ምን ይጻፍበት? እኔ ብሠራው እንዲህ እላለሁ፦ «መልስ እየጠበቅን ነው። ገንዘቡ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ደግመው አይላኩ።» ከሥሩ የተቀባዩ ስምና የገንዘቡ መጠን፣ ከዚያ የማጣቀሻ ቁጥር፣ ከዚያ አንድ ቁልፍ፦ «አጣራ»። ቁልፉ ሲነካ አፑ ገንዘብ አይልክም፤ «ያ ቁጥር ምን ሆነ?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። በመላክና በመጠየቅ መካከል ያለው ልዩነት የእኔ 9,000 ብር ነው።

ይህ እንዲሠራ ከጀርባ አንድ ነገር መኖር አለበት። ስልኩ የማረጋገጫ ገጹን ሲከፍት ለዚያ ክፍያ አንድ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል። ቁልፉ ሲነካ አይደለም፤ ገጹ ሲከፈት ነው። ሰው ቁልፉን አሥር ጊዜ ቢነካው፣ ኔትወርኩ ተቆራርጦ ስልኩ ራሱ ደጋግሞ ቢልከው፣ አሥሩም ጥያቄ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሰርቨሩም «ይህን ቁጥር አውቀዋለሁ፣ ጨርሼዋለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን መልስ መልሶ ይሰጣል እንጂ ሁለተኛ ጊዜ አይቆርጥም። የእውነት ሁለተኛ ኩንታል ልግዛ ብዬ አዲስ ገጽ ብከፍት አዲስ ቁጥር ስለሚሰጠኝ ያ ክፍያ አይታገድም። ቁጥሩ ግን በነካሁ ቁጥር አዲስ የሚፈጠር ከሆነ ከሌለው አይሻልም።

—

አሁን ወደ ስክሪኑ እንመለስ። ገጹ ሳይዘል እንዲሄድ ማድረግ ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የሚያብረቀርቅ አኒሜሽን ነው። እሱ አይደለም። መሸጋገሪያ አንድ ሥራ ብቻ አለው፦ ያው ጉዳይ ላይ እንዳለህ ማሳየት። አዴ ማዳበሪያውን ሲመዝኑ ዓይኔን ጨፍነው፣ ሽንኩርቱን ሌላ ክፍል ወስደው፣ መዝነው ቢመልሱልኝ አላምናቸውም። ፊቴ ላይ ስለሚመዝኑ ነው የማምናቸው። የእኔ አፕ ግን ዓይኔን ጨፈነ።

ትክክለኛው አካሄድ ቀላል ነው። የአዴ ስምና 9,000 የተጻፈበት ሳጥን ከቦታው አይነቃነቅ። «ላክ» የሚለው ቁልፍ በተነካ ቅጽበት ቀለሙ ይደብዝዝና «እየተላከ ነው» ይበል፤ ዳግም መነካትም አይችል። መልሱ ሲመጣ ያው ሳጥን እዚያው ቦታው ላይ ሆኖ ደረሰኝ ይሁን። ዋናው ገጽ በመሐል አይምጣ። ከውጭ ሆኜ እንደምገምተው ያን ገጽ ያመጣው ሠሪው የማረጋገጫ ገጹን ጥያቄው እንደተላከ ስለሚዘጋው ነው። ገጹ ሲዘጋ ከሥሩ ያለው ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ገና ያልታደሰ አሮጌ ሂሳብ ነው። መፍትሔው መልስ ሳይመጣ ገጹን አለመዝጋት ነው። የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው።

ስለ ጊዜው ልኬት አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ያኮብ ኒልሰን የተባለው የዘርፉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ሦስት ወሰኖችን አስቀምጧል፤ ሐሳቡ ከእሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ሚለር ከጻፈው የመጣ ነው። እስከ 0.1 ሰከንድ ድረስ የሚመጣ ለውጥ ለሰው «ወዲያው» ነው። እስከ 1 ሰከንድ ድረስ መዘግየቱን ያስተውለዋል፣ ሐሳቡ ግን አይቋረጥም። ከ10 ሰከንድ በላይ ከሆነ ትኩረቱ ይሄዳል፤ ሌላ ነገር መነካካት ይጀምራል። እነዚህ ቁጥሮች ኮምፒውተር ስለፈጠነ አልተለወጡም፤ የሚለኩት ሰውን ነው።

በእኔ ቪዲዮ ላይ አስቀምጧቸው። ቁልፉ በ0.1 መልስ መስጠት ሲገባው 0.6 ድረስ ዝም አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «አልነካሁትም መሰለኝ» ብሎ ሁለተኛ የሚነካው። ቁልፉ ቀለም እንዲቀይር ኔትወርክ አያስፈልግም፤ ስልኩ ውስጥ ያለቀ ነገር ነው። ክቧ ለ0.2 ሰከንድ ብልጭ ማለቷ ደግሞ ከመምጣቷ አለመምጣቷ ይሻል ነበር። ብልጭ ያለ ነገር ሁሉ ለዓይን «የሆነ ነገር ተበላሸ» ነው። በሥራው የለመድነው ደንብ አለ፦ መልስ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ክቧን ጨርሶ አታሳይ፤ አንዴ ካሳየህ ግን መልሱ ቢመጣም ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ አቆያት። ከ10 ሰከንድ በኋላ ደግሞ ክብ ብቻውን በቂ አይደለም። እዚያ ቃል ያስፈልጋል፦ «ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ አሁንም እየጠበቅን ነው፣ ደግመው አይላኩ።»

ማስታወቂያውን አልረሳሁትም። በ1.8 ሰከንድ ላይ መጥቶ ሁሉን ወደ ታች የገፋው። ጣቴ አንድ ቁልፍ ላይ ሊያርፍ ሲል ቁልፉ ሄዶ በምትኩ ሌላ መጣ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዱን ልትነኩ ሌላ ይከፈታል። ምክንያቱ ሠሪው ምስሉ እስኪደርስ ቦታ አለመያዙ ነው። የምስሉ ቁመት አስቀድሞ ይታወቃል። ባዶ ሳጥን አስቀምጦ መጠበቅ ነው። መናኸሪያ ላይ ለሚመጣ ሰው ወንበር በሻርፕ እንደምንይዘው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አካባቢ የተለየ አንድ ችግር አለ። ብዙ አፕ መጀመሪያ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ነው፤ የቁልፉ ስፋት፣ የመስመሩ ቁመት ሁሉ በእንግሊዝኛ ይለካል። ከዚያ ይተረጎማል። አዳሚ ቱሉ ላይ አፑን በአፋን ኦሮሞ የሚጠቀም ሰው አለ። አፋን ኦሮሞ በላቲን ሲጻፍ ድርብ ፊደሉ ብዙ ስለሆነ ቃሉ ይረዝማል፤ ቁልፉ ውስጥ አልገባ ብሎ ሁለት መስመር ይሆናል። አማርኛ ደግሞ ፊደሉ ቁመት ይፈልጋል፤ መስመሩ ይወፍራል። ገጹ በእንግሊዝኛ ልክ በተያዘ ቦታ ተከፍቶ ጽሑፉ ሲገባ ሁሉም ነገር ይዘላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቀሪው ሁሉ ተተርጉሞ የመጠበቂያው ቃል ብቻ በእንግሊዝኛ መቅረቱ ነው። ሰው በጣም ግራ በሚጋባበት ሰዓት፣ ገንዘቡ አየር ላይ ባለበት ሰዓት፣ በማያነበው ቋንቋ ያናግሩታል።

—

የስልኩም ነገር አለ። የእኔ ስልክ መካከለኛ ነው። ገበያ ላይ ያለው ሰው ግን አብዛኛው የያዘው ሜሞሪው ትንሽ የሆነ ርካሽ አንድሮይድ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ላይ ሰውየው «ላክ» ብሎ ስክሪኑ ነጭ ሲሆንበት ምን ያደርጋል? ከአፑ ወጥቶ ኤስኤምኤስ ያያል። ትክክለኛ ሥራ ነው። ከ127ም ይሁን ከባንኩ፣ የሚያምነው መልእክቱን ነው። ነገር ግን ወጥቶ መልእክት ሲከፍት አንድሮይድ ሜሞሪ ስላጠረው ከኋላ ያለውን አፕ ይዘጋዋል። ሰውየው ሲመለስ አፑ ከአርማው ጀምሮ እንደ አዲስ ይነሳል፤ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቀዋል፣ ዋናው ገጽ ይመጣል፣ የጀመረው ክፍያ ምልክቱ እንኳ የለም።

ይህን የሠሪው ስልክ ላይ አታዩትም፤ የሠሪው ስልክ ውድ ነው። ግን ማየት ይቻላል። አንድሮይድ ላይ ለዴቨሎፐር የተዘጋጀው ማስተካከያ ውስጥ `Don't keep activities` የሚል አለ። እሱን አብርታችሁ ክፍያ መሐል ላይ ወደ ኤስኤምኤስ ሄዳችሁ ተመለሱ። ገጹ በነበረበት ካልጠበቃችሁ አፑ አዳሚ ቱሉ ላይ ይወድቃል። ማስተካከያው ገጹን ብቻ ነው የሚዘጋው፤ አፑ በሙሉ ሲገደል የሚሆነውን ለማየት ራሱን ርካሹን ስልክ መያዝ ይሻላል። እዚያው ማስተካከያ ውስጥ `Animator duration scale` የሚለውን 10x ብታደርጉት ደግሞ አፑ ውስጥ ያለው አኒሜሽን በአሥር እጥፍ ይዘገይና የቱ ጋ እንደሚዘል በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

መድኃኒቱ ጥያቄው ከመላኩ በፊት የክፍያውን ቁጥር፣ ስሙንና መጠኑን ስልኩ ውስጥ መጻፍ ነው። አፑ ሲነሳ መጀመሪያ ያንን ያያል። ያላለቀ ካለ ከዋናው ገጽ በፊት «ለእኚህ ሰው 9,000 ብር ልከው ነበር፤ እያጣራን ነው» ይላል።

ርካሽ ስልክ ካልን አይቀር፣ መሸጋገሪያውም በልክ ይሁን። ከ0.2 እስከ 0.3 ሰከንድ ይበቃዋል። ነዳጅ ማደያ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍያ የሚቀበል ረዳት፣ ሙሉ ሰከንድ የሚፈጅ ጌጥ በየክፍያው ቢያይ ይሰለቻል። ስልኩ ከሰርቨር የመጣውን እያነበበ በዚያው ሰዓት አኒሜሽን ካሠራችሁት ደግሞ ይቆራረጣል። እንደዚያ ከሚቆራረጥ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል። ሳጥኑ በቦታው እስካለ ድረስ ያለ አንዳች አኒሜሽን ቃሉ ብቻ ቢለወጥ ሰው አይደናገርም።

—

የሚቃወመኝ እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ «ችግሩ ኔትወርኩ ነው፤ ስክሪን ምን ያደርጋል?» ይላል። ልክ ነው፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው። ስክሪን ኔትወርክን አያፈጥንም፤ ያ 34 ሰከንድ 34 ሰከንድ ነው። ግን ኔትወርኩ «እንደገና ይሞክሩ» አላለኝም። አሮጌውን ሂሳብ አላሳየኝም። እሱን ያሉት ሰዎች ናቸው፣ ጽፈው ያስገቡት ሰዎች ናቸው።

ሌላው ደግሞ ከተቃራኒው ጎን ይመጣል። «እንግዲያው ሰው እንዳይጨነቅ ወዲያው አረንጓዴውን እናሳየው፣ ሰርቨሩ በኋላ ይደርሳል» የሚል። ይህ አሠራር አለ፤ ፎቶ ስትወዱ ልቧ ወዲያው ቀይ የምትሆነው እንዲህ ነው። ለፎቶ ጥሩ ነው። ለገንዘብ ግን አዴን ቲማቲም ያሳጣቸው ያ አረንጓዴ ነው ሊሆን የሚችለው። ስለዚህ ለስላሳነት ወሰን አለው። የማይታወቀውን የታወቀ የሚያስመስል ለስላሳ ገጽ ከሚዘልለው ገጽ ይብሳል።

መናኸሪያ ላይ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» ይላል። ገብታችሁ ስትቀመጡ አምስት ወንበር ባዶ ነው። ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁም አንድ ሰው ነው የቀረው። 99 በመቶ ላይ ደርሶ የሚቆመው መስመር ይኼው ረዳት ነው። ብራድ ማየርስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ሰዎች ሥራው ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳይ መስመር ሲኖር እንደሚመርጡት አሳይቷል። ግን መስመሩ የሚጠቅመው እውነቱን ሲያውቅ ነው። ክፍያ ላይ ሰርቨሩ መቼ እንደሚመልስ አፑ አያውቅምና በመቶኛ የሚሞላ መስመር አያስፈልገውም። የሚያውቀውን ይናገር፦ «ተልኳል፤ መልስ እየጠበቅን ነው»።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩ የጥቂቶች ስላልሆነ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ሲከተል፣ በዚያው 2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲወሰን፣ ስክሪን የገበያ ሚዛን ሆነ። ሚዛን ደግሞ ገዢም ሻጭም እያየው የሚያምነው ነገር መሆን አለበት። ዛሬ ሻጩ ስክሪኑን ትቶ «ጢጥ»ን ነው የሚያምነው። አልፈርድበትም፤ ስክሪኑ ራሱ አስተምሮታል።

አፕ የምትሠሩ ወንድምና እህቶቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሥራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ርካሹን ስልክ ይዛችሁ፣ በ2ጂ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ አንድ ክፍያ ላኩና ቀረጻውን በምስል በምስል እዩት። በየምስሉ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ብቻ ያየ ሰው ገንዘቡ የት ነው ብሎ ያስባል?

ከፋይ የሆንን እኛ ደግሞ እስኪስተካከል ድረስ፦ ስክሪኑ ነጭ ሲሆን አትንኩት። «እንደገና ይሞክሩ» ሲላችሁ አትሞክሩ። መጀመሪያ የዝውውር ዝርዝሩን ክፈቱ፣ ከዚያ ኤስኤምኤስ ጠብቁ፤ ሁለቱም ላይ ከሌለ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና እዩ። ሻጮችም፣ የሰውየው ስክሪን አረንጓዴም ይሁን ቀይ፣ የራሳችሁን መልእክት አንብቡ።

ሰርጉ በሰላም አለቀ፣ ሽንኩርቱም በቃ። እናንተ ሁለት ጊዜ የከፈላችሁበት፣ ወይም ሳይደርሳችሁ ዕቃ የሰጣችሁበት አጋጣሚ ካለ ከታች ጻፉት። የድርጅቱን ስም ተዉት፤ ስክሪኑ በየትኛው ሰከንድ ምን እንዳሳያችሁ ብቻ ንገሩኝ።